ብጉሩን እንጂ ፊቱን አታጥፉት

የሠርግ አልበም ያገላበጠ የከተማ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ፊት አለ። የሙሽራዋ ፊት ነው፤ ግን ደግሞ የእሷ አይደለም። ግንባሯ እንደ ሸክላ ሳህን ልሙጥ ነው፤ ጉንጯ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ነው፤ ከአፍንጫዋ ጎን የነበረው ጥላ የት እንደገባ አይታወቅም። አክስቶች “አምሮባታል” ይላሉ፤ አብሮ አደጎቿ ደግሞ “ይቺ ደግሞ ማን ናት?” ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ብጉሩ ጠፍቷል፤ አብሮ ግን የቆዳው ቀዳዳ፣ የጉንጩ አጥንትና ወዙ ጠፍቷል።

ይህን ችግር ለመፍታት ሪታች የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ አለ፤ ስሙ ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን ይባላል። በአጭሩ ፎቶውን ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ቀለምና ጥላ ብቻ ይይዛል፤ ሁለተኛው ጥቃቅኑን ነገር፣ ማለትም ቀዳዳውን፣ ፀጉሩንና ስንጥቁን ይይዛል። ቀለሙን ሲያስተካክሉ ቀዳዳው አይነካም። ዘዴው በፎቶሾፕ ተጠቃሚዎች ዘንድ የተስፋፋው በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከካሜራም የቀደመ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እርሳስና ኔጌቲቭ

ፎቶ ማሳመር የኮምፒውተር ፈጠራ የሚመስለን ብዙ ነን። በ1855 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ፍራንዝ ሀንፍሽቴንግል የተባለ የሙኒክ ፎቶግራፈር አንድ ሰው በሪታች ከመስተካከሉ በፊትና ከተስተካከለ በኋላ የታተመበትን ፎቶ ጎን ለጎን አሳይቷል። ሥራው የሚሠራው ኔጌቲቩ ላይ ነው። በኔጌቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠ ስለሆነ ፊት ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ እዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ባለሙያው ያቺን ነጥብ በሾለ እርሳስ ሲሞላት ወረቀቱ ላይ ሲታተም ትነጣለች።

ይህ ሙያ የት ድረስ እንደሄደ ለማየት የ1931ዱን የሆሊውድ ፎቶ መመልከት ይበቃል። ጆርጅ ሀረል ተዋናይቷን ጆአን ክራውፎርድን ያለ ሜካፕ አነሳት። ፊቷ ከዳር እስከ ዳር ጠቃጠቆ ነበር። ጄምስ ሻርፕ የተባለው ሪታቸር በዚያ ኔጌቲቭ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል እንደሠራበት ይነገራል። የመጀመሪያውና የተስተካከለው ጎን ለጎን ሲታዩ ጠቃጠቆው ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል፤ የአጥንቷ ቅርጽ ግን አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እርሳስ የሚሠራው ነጥብ በነጥብ ነው። ሰውየው አንዱን ጠቃጠቆ ሲሞላ ከጎኑ ያለውን የጉንጭ ጥላ አይነካም። ስድስት ሰዓት የፈጀበትም ለዚሁ ነው።

በ1990 ፎቶሾፕ ወጣ። የስድስት ሰዓቱ ሥራ በስድስት ሰከንድ የሚያልቅ መሰለ፤ ቆዳውን መርጦ ማደብዘዝ ብቻ ነው። ነገር ግን ማደብዘዝ እንደ እርሳሱ አይመርጥም። ብጉሩንም ቀዳዳውንም ጥላውንም እኩል ይበላል። የአልበሙ የሸክላ ፊት የተወለደው እዚህ ነው።

ከምጣዱ የተገኘው ሐሳብ

መፍትሔው የተገኘው ሙቀት ከሚያጠኑ ሰዎች ነው። በ1807 ጆሴፍ ፉሪየ የተባለ ፈረንሳዊ ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያስረዳ ጽሑፍ ለፓሪስ ምሁራን አቀረበ። ሐሳቡ፣ የትኛውም የሙቀት አቀማመጥ የብዙ ሞገዶች ድምር ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል የሚል ነበር፤ አንዳንዱ ሞገድ ሰፊና ዝግ ያለ፣ አንዳንዱ ጠባብና የተጣደፈ። ታላቁ ላግራንዥ ሳይቀር ተቃወመው። መጽሐፉ የታተመው በ1822 ነው።

ነገሩን ለመረዳት ምጣድ በቂ ነው። እሳቱ እኩል ያልደረሰው ምጣድ አስቡ። እዚህም እዚያም ጣት የምታክል የጋለች ነጥብ አለች፤ ከዚያ በተጨማሪ ግማሹ ጎን ከሌላው ይሞቃል። እሳቱን አጥፍታችሁ ብትጠብቁ መጀመሪያ የሚጠፉት ትንንሾቹ ነጥቦች ናቸው፤ ሙቀታቸው ወዲያው ወደ ጎረቤት ይፈስሳል። የግማሹና የግማሹ ልዩነት ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የፉሪየ ሒሳብ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ጠባቡ ሞገድ ቶሎ ይሞታል፣ ሰፊው ዘግይቶ።

አሁን ምጣዱን በፎቶ፣ ሙቀቱን በብርሃን ተኩት። በፎቶሾፕ ውስጥ `Gaussian Blur` የሚባለው ማደብዘዣ በሒሳብ ከዚህ የሙቀት ስርጭት ጋር አንድ ነው። `Radius` የሚለው ቁጥር “ምጣዱን ምን ያህል እንጠብቅ?” እንደ ማለት ነው። ትንሽ ስትጠብቁ ቀዳዳዎቹ ይጠፋሉ፤ ስትቆዩ ብጉሩ፤ ብዙ ስትቆዩ አፍንጫው ራሱ። እንግዲህ ቀዳዳው ጠፍቶ አፍንጫው ገና ሳይነካ ማቆም የሚቻልበት ቦታ አለ ማለት ነው። እዚያ ላይ አቁመን የደበዘዘውን ከዋናው ብንቀንስ፣ የሚተርፈው የጠፋው ነገር ብቻ ነው፤ ቀዳዳው፣ ቅንድቡ፣ የከንፈሩ ስንጥቅ። የተቀነሰውን መልሰን ብንደምር ደግሞ ዋናው ፎቶ ተመልሶ ይመጣል።

በ1968 ካምቤልና ሮብሰን የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የሰው ዓይንም ሰፊውንና ጠባቡን ለየብቻ የሚያይ መሆኑን የሚጠቁም ሙከራ አሳተሙ። በ1983 ደግሞ ፒተር በርትና ኤድዋርድ አዴልሰን ሥዕልን በውፍረት ደረጃ ከፋፍለው እያንዳንዱን ደረጃ ለየብቻ በማጋጠም ግማሽ ፖምና ግማሽ ብርቱካን ስፌቱ ሳይታይ አንድ ፍሬ አደረጉ። የሪታቸሮቹ ዘዴ የዚያ ሥራ ታናሽ ወንድም ነው፤ እነሱ ብዙ ደረጃ ነበራቸው፣ እኛ ሁለት ብቻ አለን። ለተራው ተጠቃሚ መንገዱ የተጠረገው ፎቶሾፕ በ1994 ሌየር፣ በ2002 ደግሞ `Linear Light` የተባለውን የመደመሪያ መንገድ ሲጨምር ነው።

አንድ ፊት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ምሳሌ እንውሰድ። ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ነው፤ የአንዲት ወጣት ፊት በቅርበት ተነስቷል። ከፀጉሯ መነሻ እስከ አገጯ 3000 ፒክስል ይሆናል። ጉንጯ ላይ አንድ ያበጠ ብጉር አለ፤ ከጎኑ የዳነ ብጉር ጥሎት የሄደ 4 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቁር ምልክት አለ፤ ግንባሯ ላይ ፍላሹ አብለጭልጯል፤ አገጯ ላይ ደግሞ ማርያም የሳመቻት ምልክት አለች። የመጨረሻዋን አንነካትም፤ የእሷ ናት።

መጀመሪያ ሒሳቧን እንሥራ። የዚህ ፊት ቁመት በእውኑ 18 ሴንቲሜትር ቢሆን አንድ ፒክስል 0.06 ሚሊሜትር ነው። በቅርበት የሚታይ የቆዳ ቀዳዳ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ነው ብንል 5 ፒክስል ይሆናል። ጥቁሩ ምልክት ግን 67 ፒክስል ገደማ ነው። ስለዚህ ከ5 በላይ ሆኖ ከ67 በጣም የሚያንስ `Radius` ያስፈልገናል። 8 ጥሩ መነሻ ነው። ይህን ቁጥር እንደ ጸሎት በቃላችሁ አትያዙት። ያው ፎቶ በግማሽ ቢያንስ ቁጥሩ 4 ይሆናል። ልጅቷ ሙሉ ቁመቷ ተነስታ ፊቷ 400 ፒክስል ብቻ ቢሆን ደግሞ ቀዳዳው ከአንድ ፒክስል ያንሳል፤ የሚለይ ነገር ስለሌለ ዘዴው አያገለግልም።

ከዚያ ፎቶውን ሁለት ጊዜ በሌየር እናባዛለን። የታችኛውን `Low`፣ የላይኛውን `High` እንበላቸው። `High`ን ደብቀን `Low`ን በ8 እናደበዝዘዋለን። ቀጥለን `High`ን አሳይተን፣ መርጠን፣ ፎቶው 8 ቢት ከሆነ ይህን እናዝዛለን፦

```
Image > Apply Image
Layer: Low
Blending: Subtract
Scale: 2
Offset: 128
```

16 ቢት ከሆነ ግን ትእዛዙ ይለያል፦

```
Image > Apply Image
Layer: Low
Invert: on
Blending: Add
Scale: 2
Offset: 0
```

በመጨረሻ የ`High`ን መደመሪያ ወደ `Linear Light` እንቀይራለን። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ያለው ፎቶ ከመጀመሪያው ጋር ምንም ልዩነት ሊታይበት አይገባም። ከተለየ አንድ ቁጥር ተሳስቷል፤ ወደ ፊት መሄድ ዋጋ የለውም።

ቁጥሮቹ አስማት አይደሉም። አንድ ፒክስል በዋናው ፎቶ 150፣ በ`Low` ላይ 160 ነው እንበል። ልዩነቱ 10 ሲቀነስ ነው። ኮምፒውተሩ ከዜሮ በታች ማስቀመጥ ስለማይችል ልዩነቱን ለሁለት ያካፍልና ከመሐል ቁጥሩ ከ128 ላይ ያነሣዋል፤ 123 ይሆናል። `Linear Light` ደግሞ 123 ከ128 በስንት እንዳነሰ ያይና እጥፍ አድርጎ ከ160 ላይ ይቀንሳል፤ 150 ተመልሶ መጣ። ምንም ልዩነት የሌለበት ቦታ 128፣ ማለትም መካከለኛ ግራጫ ይሆናል። `High` ለብቻው ሲታይ ግራጫ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ሥራው። ያበጠው ብጉር ሁለት ነገር ነው፤ የተለየ ወለልና ቅላት። ወለሉን `High` ላይ በ`Clone Stamp` እናስተካክላለን፤ መሣሪያው አሁን ባለንበት ሌየር ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርገን፣ ከጎኑ ካለ ጤነኛ ቆዳ እንወስዳለን። ከግንባር ወስዶ ጉንጭ ላይ መለጠፍ አይሆንም፤ የቀዳዳው መጠንና አቅጣጫ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቅላቱን ደግሞ `Low` ላይ እናነሣለን። ጥቁሩ ምልክት ግን ወለሉ ደህና ነው፤ ቀለሙ ብቻ ነው የጠቆረው። ስለዚህ `High` ላይ ምንም አንነካም። `Low` ላይ በ`Lasso` ዙሪያውን እንመርጣለን፤ ጠርዙ እንዲለሰልስ `Feather` 30 እንሰጠውና በ25 እናደበዝዘዋለን። በመጀመሪያው ማደብዘዝ መሐሉ ላይ ከጥቁረቱ ከግማሽ በላይ ይቀራል፤ አንዴ ብንደግመው ወደ ሲሶ ይወርዳል። እዚያ ላይ ማቆም ይሻላል። ቆዳ ሙሉ በሙሉ አንድ ቀለም ሆኖ አያውቅም።

የት ይበላሻል?

የመጀመሪያው ጥፋት `Radius` ላይ ነው፤ ማወቂያውም ቀላል ነው። `High`ን ደብቃችሁ `Low`ን ብቻ እዩት፤ ቀዳዳ ከታያችሁ ቁጥሩ አንሷል፣ ቀለሙን ስታደበዝዙ ቀዳዳውም አብሮ ይሄዳል። በተቃራኒው `High`ን በተራ መደመሪያ ለብቻው እዩት፤ ከግራጫው መሐል የአፍንጫና የጉንጭ ጥላ እንደ ሐውልት ተቀርጾ ከታየ ቁጥሩ በዝቷል። ያኔ አንድ ቦታ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ጥላም ተሸክማችሁ ትሄዳላችሁ።

ሁለተኛው ጥፋት ጠርዝ ላይ ነው። `Low`ን ስታደበዝዙ ከመረጣችሁት ቦታ ውጪ ያለው ቀለምም ወደ ውስጥ ይሳባል። ከፀጉር አጠገብ ከሆናችሁ ግንባሩ ይጠቁራል፤ ከነጭ መጋረጃ አጠገብ ከሆናችሁ አገጩ ዙሪያ የብርሃን አክሊል ይወጣል። በ25 የምታደበዝዙ ከሆነ ከፀጉር፣ ከከንፈርና ከአገጭ መስመር ቢያንስ 80 ፒክስል ራቁ፤ በዚህ ፎቶ ይህ 5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ሦስተኛው በተለይ የእኛን ዓይነት ቆዳ የሚመለከት ነው። ጠየም ያለ ቆዳ ላይ የፍላሽ ነጸብራቅ ከአካባቢው ጋር ያለው ልዩነት በጣም ትልቅ ነው። ነጸብራቁ ደግሞ የቆዳው ቀለም የለውም፤ የፍላሹ ነጭ ነው። ያንን ነጭ ከቡናማው ጋር አደባልቃችሁ ስታደበዝዙ የሚወጣው አመድ የመሰለ ግንባር ነው። ቅባት ያልነካው ደረቅ ቆዳ ይመስላል። እዚህ ላይ ማደብዘዝ ትቶ `Low` ላይ በብሩሽ መሥራት ይሻላል፤ ከነጸብራቁ አጠገብ ካለው ቆዳ ቀለም ወስዶ፣ `Mode`ን `Darken`፣ `Opacity`ን 10% አድርጎ፣ ቀስ በቀስ ማውረድ። ወዙን ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ፊቱን ፊት የሚያደርገው እሱ ነው። ነጸብራቁ 255 ላይ ደርሶ የነጣ ከሆነ ግን እዚያ ውስጥ ቀዳዳ አልተመዘገበም፤ `High` ላይ የሚገኘው ባዶ ግራጫ ነው። ያልተነሣን ነገር ዘዴው አይመልስም።

አራተኛውና በጣም የተለመደው ጥፋት ግን ሁሉንም ነገር በትክክል ሠርቶ መብዛት ነው። ቀዳዳው በሙሉ አለ፤ ፊቱ ግን ወንፊት የታተመበት ፊኛ መሰለ። ምክንያቱ የቀዳዳና የአጥንት መካከለኛ የሆነ ነገር ስላለ ነው፤ ሲስቁ የሚወጣው መስመር፣ ከዓይን ሥር ያለው ጉድጓድ፣ የጉንጭ ዝቅታና ከፍታ። ሁለት ሌየር ብቻ ሲኖረን ይህ መካከለኛ ነገር ሁሉ `Low` ላይ ይቀመጥና ከጥቁሩ ምልክት ጋር አብሮ ይደበዝዛል። ለማወቅ ፎቶውን ወደ 25% አሳንሳችሁ እዩት። በዚያ መጠን ቀዳዳው አይታይምና ሊሸነግላችሁ አይችልም፤ ሰውዬዋን ካላወቃችኋት አልፋችኋል። ውድ የውበት ፎቶ የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ይህን ዘዴ ለጥቂት ቦታ ብቻ ተጠቅመው፣ የቀረውን ጥላና ብርሃን በትንሽ ብሩሽ እያነሡና እያወረዱ ለሰዓታት የሚሠሩት ለዚህ ነው። እንደ ሻርፕ እርሳስ ማለት ነው።

ቀዳዳው ምስክር ሲሆን

ቀዳዳውን ማስቀረት ፎቶውን እውነት ያደርገዋል ወይ? በሐምሌ 2011 የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ የሎሬያልን ሁለት ማስታወቂያዎች አገደ። በአንዱ ጁሊያ ሮበርትስ፣ በሌላው ክሪስቲ ተርሊንግተን ነበሩ፤ የሚሸጠውም ለፊት የሚቀባ ፋውንዴሽን ነበር። አቤቱታውን ያቀረቡት የፓርላማ አባሏ ጆ ስዊንሰን ነበሩ። ውሳኔው ሪታች በራሱ ወንጀል ነው አላለም። ያለው፣ ኩባንያው በፎቶው ላይ የሚታየው ቆዳ የመጣው ከሚሸጠው ቅባት እንጂ ከኮምፒውተር አለመሆኑን ማሳየት አልቻለም ነው።

እዚህ ላይ ነው ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን ከማደብዘዝ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው። የአልበሙ የሸክላ ፊት ማንንም አያታልልም፤ ያየው ሁሉ ኮምፒውተር እንደገባበት ያውቃል። ቀዳዳ ያለው ፊት ግን ይታመናል፤ ዓይናችን ቀዳዳውን እንደ ማስረጃ ይቆጥረዋልና። ባለሙያው ከቀዳዳው ሥር ማድያቱን አንስቶ፣ ቆዳውን አቅልቶ፣ የዓይኑን ጉድጓድ ሞልቶ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ እናንተም “ይህቺ እንኳን ሪታች የላትም” ትላላችሁ። የ19 ዓመት ልጅ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን የምታወዳድረው ከሸክላው ፊት ጋር አይደለም፤ ከዚህኛው ጋር ነው።

ስለዚህ ፎቶ የምታስነሡም ሆነ የምትሠሩ ሰዎች ከፋይሉ በፊት አንድ ነገር ተነጋገሩ፦ ምን ይጥፋ፣ ምን ይቅር? የሚሻለው መለኪያ ይህ ይመስለናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚድን ብጉር ይጥፋ። ከሰውየው ጋር የሚኖረው ጠባሳ፣ ምልክትና የፊት መስመር ሳይጠየቅ አይነካ። ፋይሉንም ሌየሮቹን ሳታዋህዱ አስቀምጡት፤ ሰውየው “ምን ነክታችሁብኛል?” ብሎ ቢጠይቅ `Low`ንና `High`ን ደብቃችሁ ከሥር ያለውን ዋናውን ፎቶ ታሳዩታላችሁ።